ታይት፣ የቱታ ጃኬትና የሩጫ ጫማ የዘወትር ልብስ የሆኑት በጨርቁ ነው ወይስ በፋሽኑ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ስለ ስፖርት ልብስ በተነሣ ቁጥር ውይይታችን ወደ ታዋቂ ሰዎችና ወደ ማስታወቂያ ስለሚያዘነብል፣ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ላንሣው። ታይት፣ የቱታ ጃኬትና የሩጫ ጫማ ከልምምድ ቦታ ወጥተው የዘወትር ልብስ የሆኑት በቅድሚያ የተሠሩበት ነገር ስለተለወጠ ነው እንጂ የሰው ምርጫ በድንገት ስለተገለበጠ አይደለም የሚል አቋም አለኝ። ዋናው ማስረጃዬ ታይት ነው። ኤሮቢክስ በተስፋፋበት በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ታይት በብዙ አገሮች ይለበስ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወደ ውጭ ሲወጣ በአብዛኛው ጭን ድረስ የሚወርድ ሸሚዝ ወይም ሹራብ ይደረብበት ነበር። ብቻውን እንደ ሱሪ መለበሱ የተለመደው ከ2000 ወዲህ ነው። የሚለጠጠው ክር ግን በሁለቱም ዘመን አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ በመካከሉ በጨርቁ ላይ ምን ተደረገ? ሙያውን የምታውቁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

ውይይቱ እየረዘመ ስለሄደና አዳዲስ አንባቢዎች መጀመሪያውን ሳያነቡ ስለሚጠይቁ፣ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እዚህ አጠቃልዬአቸዋለሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው መላሽ በአቋሜ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ሊክራ በ1980ዎቹ ለአትሌቶች ተብሎ የተፈለሰፈ ጨርቅ እንደሆነ፣ ላብ መጥጦ ስለሚይዝም ሰው ቀኑን ሙሉ ሊለብሰው እንደቻለ ጻፈ። ቅን መልስ ነበር፤ ስሕተት ግን ነበረበት።

2ኛ መልስ። ቀጥለው የጻፉት በሹራብ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ የማሽን ቴክኒሻን ናቸው። የቀደመውን ልጅ ሳያሳፍሩ፣ በትሕትና ሁለት ነገር አረሙ። አንደኛ፣ ሊክራ የአንድ ኩባንያ የንግድ ስም ሲሆን ክሩ ራሱ ስፓንዴክስ ወይም ኤላስቴን ይባላል፤ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ የዱፖንት ኬሚስት ያገኘው በ1958 ነው። የተፈለገውም ለሯጭ ሳይሆን ሆድና ዳሌ ለሚያጠብቀው የሴቶች የውስጥ ልብስ ነበር። ያ ልብስ ቀደም ሲል በጎማ ክር ይሠራ ስለነበር ይከብዳል፣ ላብና የሰውነት ቅባት ሲነካውም ቶሎ ይበላሻል። አዲሱ ክር ከራሱ ርዝመት አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ተስቦ ይመለሳል፤ እንደ ፀጉር ቀጥኖ መፈተልም ይችላል። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ልብስ ከንጹሕ ኤላስቴን አይሠራም። ታይት ውስጥ ያለው ኤላስቴን ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 25 ያህል ነው፤ የቀረው ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ላብን በተመለከተም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው አሉ። ፖሊስተር ከአየር የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ ከመቶ ግማሽ እንኳን አይሞላም፤ ጥጥ ግን ወደ 8 ከመቶ ይይዛል። ላቡ የሚሄደው በቀጫጭን ክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት እየተሳበ ወደ ውጭኛው ፊት ነው፤ ክሩ ራሱ ስለማይጠጣ ጨርቁ ቶሎ ይደርቃል። ጥጥ ታይት ግን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ጉልበቱ ላይም ይንጠለጠላል።

እኔ ለጥያቄዬ መልስ የጠበቅሁት ከእዚህ ላይ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ተራውን ይውሰድ ብለው አቆሙ።

3ኛ መልስ። አንዲት እህት ስለ ጠቅላላው ታሪክ ምንም ሳትል የራሷን ጉዳይ አመጣች። ለሥራም ለመንገድም የምትለብሰው ጥቁር ታይት ቆማ ስትታይ ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ ስትጎነበስ ወይም ደረጃ ስትወጣ ግን ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ግራጫ ይሆናል። ሻጩ ብዙ አጥበሽው ነው ብሏታል። እሷ ግን ገና ሳይታጠብ ጀምሮ እንዲሁ እንደነበር ታስታውሳለች። ጥፋቱ የቀለም ነው ወይስ የጨርቅ ብላ ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ከእኔ የመክፈቻ ጽሑፍ ይልቅ ውይይቱን ወደ ፍሬ ነገሩ እንደወሰደው አልክድም።

4ኛ መልስ። አንድ ሰው ደግሞ ርእሱን በችኮላ አንብቦ ኖሮ፣ ጉልበቱን ስለሚያመው የትኛው የሩጫ ጫማ እንደሚሻል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

5ኛ መልስ። ሌላው በአጭሩ፣ የእህታችን ችግር ርካሽ ቀለም ነው፣ በጨው ውኃ ቢዘፈዘፍ ይጸናል ብሎ አለፈ።

6ኛ መልስ። ቴክኒሻኑ ተመልሰው ይህን አልተቀበሉትም። ፋብሪካ ውስጥ ቀለሙ የሚጸናው በሌላ መንገድ ስለሆነ በቤት ውስጥ ጨው የሚለውጠው ነገር የለም አሉ። ከዚያ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶች አንድ መስለው እንደሚታዩና እንዴት እንደሚለዩ አስረዱ። ቀለም የሚለቅ ከሆነ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ወስዶ አሥር ጊዜ ያህል ማሸት ነው፤ ነጩ ከጠቆረ ጥፋቱ የማቅለሚያው ነው። ካልጠቆረ እጅን ታይቱ ውስጥ አስገብቶ ጣቶችን በመዘርጋት ብርሃን ፊት መለጠጥ ይገባል። ከሥር የእጅ ቆዳ በእኩል ደረጃ ከታየ ጨርቁ ሳስቷል። ቆዳው ሳይታይ በሹራቡ ቀለበቶች መካከል ነጫጭ ቀጫጭን መስመሮች ብልጭ ብልጭ ካሉ ደግሞ የሚታየው ኤላስቴኑ ራሱ ነው። ኤላስቴን ማቅለሚያውን እንደ ናይለኑ ወይም እንደ ፖሊስተሩ አይቀበልም፤ ጨርቁ በተዘጋ ጊዜ ከሌላው ክር ኋላ ተደብቆ ይቆያል፣ ሲለጠጥ ግን መጋረጃው ይከፈትበታል።

7ኛ መልስ። እህታችን በማግስቱ ሞክራ መጣች። ነጩ ጨርቅ አልጠቆረም፣ ቆዳዋም አልታየም፤ ነጫጭ መስመሮቹን ግን አየች። ሻጩ የሰጣት ምክንያት እንዳበሳጫት በጥቂቱ ጠንከር ባለ ቃል ጻፈች።

8ኛ መልስ። ይህ የውይይቱ ረጅሙ መልስ ነው፤ ጸሐፊውም እኚሁ ቴክኒሻን ናቸው። በመጨረሻ ወደ ጥያቄዬ ገቡ። እንደ እሳቸው አባባል፣ ታይትን ከሸሚዝ ሥር ያወጣው የመለጠጥ ችሎታው ሳይሆን ተለጥጦ አለማሳየቱ ነው። ይህንንም በቁጥር አሳዩ። አንድ ካሬ ሜትሩ 250 ግራም የሚመዝን ጨርቅ እንውሰድ። ሰው ለብሶት ሲጎነበስ መቀመጫው ላይ በወርድ 40 ከመቶ፣ በቁመት 30 ከመቶ ቢለጠጥ ስፋቱ 1.4 ሲባዛ በ1.3፣ ማለትም 1.82 እጥፍ ይሆናል። ክሩ ግን አልጨመረም። ስለዚህ ያ ቦታ በዚያች ቅጽበት አንድ ካሬ ሜትሩ 137 ግራም ብቻ የሚመዝን ስስ ጨርቅ ሆኗል ማለት ነው። ሰውየው በልኩ ፈንታ አንድ ቁጥር ያነሰ ከገዛ መሳሳቱ ይብሳል።

የ1980ዎቹ ታይት ብዙውን ጊዜ በአንድ ረድፍ መርፌ የተሠራ ነጠላ ሹራብ ነበር፤ በሙያው ጀርሲ ይባላል። በጀርሲ ላይ አንድ ቀለበት ሲከፈት ከኋላው የሚሸፍነው ነገር የለም። የናይለን ክሩም የሚያብለጨልጭ ስለነበር የሰውነትን ቅርጽ ሁሉ ብርሃን ያጎላዋል። በኋላ የተስፋፋው ኢንተርሎክ የሚባለው ሹራብ ነው። ይህ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት የመርፌ ስብስቦች ስለሚሠራ፣ ሁለት ስስ ሹራቦች ጀርባ ለጀርባ ተቆላልፈው አንድ ጨርቅ እንደሆኑ ይቆጠራል፤ የፊተኛው ቀለበት ሲከፈት የኋለኛው ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ከዚህ ጋር ናይለኑ ራሱ ቀጠነ። ክብደቱ ያው የሆነ አንድ ክር ከ24 ቀጫጭን ጭረቶች ይልቅ ይበልጥ ከቀጠኑ 68 ጭረቶች ሲሠራ ብዙ ቦታ ይሸፍናል፣ ብርሃንን ይበትናል፣ ለእጅም እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። ጨርቁ ደብዛዛ ሲሆን ዓይን እንደ ተራ ሱሪ ያየዋል። የእህታችን ታይት ችግርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጨርቁ አልሳሳም፣ ነገር ግን ከኤላስቴኑ ፊት የቆመው ክር በቂ አይደለም።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው የታይትን ታሪክ ሲናገር ሊክራን ጠቅሶ ያቆማል፤ የሹራቡን ዓይነት የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም።

9ኛ መልስ። እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። የአለባበስ ታሪክ የምታስተምር ሴት ይህ ሁሉ የመርፌ ወሬ ሰውን የሚያስረሳ ነው ስትል ጻፈች። በሚያዝያ 1980 የኒው ዮርክ የምድር ባቡርና አውቶቡስ ሠራተኞች ለ11 ቀናት ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ሴቶች በሥራ ልብሳቸው ላይ የስፖርት ጫማ አድርገው በእግር ሄዱ፤ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም ብዙዎቹ ልማዱን አልተዉም። በዚያ ሳምንት አዲስ ክር አልተፈለሰፈም፤ ወሳኙ የሴቶቹ ውሳኔ ነበር። በእሷ አስተያየት ፋብሪካ ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ ወንዶች መሐንዲሶች ደግሞ ሁልጊዜ ራሳቸውን ከፊት ያስቀምጣሉ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አላስፈላጊ ነበረች ባይ ነኝ፤ የጠቀሰችው ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

10ኛ መልስ። አንድ ወጣት ለቴክኒሻኑ ተቆርቁሮ፣ መምህርቷ መርፌና ክር ለይታ የማታውቅ ናት የሚል ስድብ አዘል መልስ ሰጠ። አስተዳዳሪው ግማሹን ሰርዞታል።

11ኛ መልስ። ቴክኒሻኑ ግን አልተቆጡም። የጫማው ነገር እውነት እንደሆነ ተቀበሉ፤ የሰው ፍላጎት መቅደሙንም አልካዱም። ሆኖም ፍላጎት ብቻውን ጨርቅ እንደማያቆም ለማሳየት በ2013 የሆነውን ነገር ጠቀሱ። በ1998 በቫንኩቨር የተመሠረተው ሉሉሌመን ታይትን የዘወትር ልብስ ካደረጉት ኩባንያዎች ዋነኛው ነው፤ ሉኦን የሚባለው ጨርቁ 86 ከመቶ ናይለንና 14 ከመቶ ሊክራ ነበር። በመጋቢት 2013 ኩባንያው ከጥቁር የሉኦን ሱሪዎቹ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ እንደሚያሳዩ አስታውቆ ከመደብር ሰበሰባቸው፤ የተሰበሰበው ከሴቶች ሱሪዎቹ ወደ 17 ከመቶ ይደርስ ነበር። ጨርቁን ያቀረበው የታይዋን ፋብሪካ እኔ የሠራሁት በተሰጠኝ መስፈርት ነው አለ። ኩባንያውም ቆይቶ ጨርቁ መስፈርቱን አሟልቶ ሊሆን ቢችልም ከሚፈቀደው ዝቅተኛ ወሰን ላይ እንደነበረ፣ የፍተሻ ሥርዓቱም የተሟላ እንዳልነበረ ገለጸ።

እሳቸው ይህን ሲተረጉሙ ሁለቱም ወገኖች እውነት ሊናገሩ እንደሚችሉ አስረዱ። ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይመዘናል፣ ጥንካሬው ይለካል፣ ቀለሙ ይታያል። ቀለበቱ በጥቂቱ ቢረዝም ወይም ኤላስቴኑ ወደ ማሽኑ የሚገባበት ውጥረት ቢላላ ክብደቱ ከወሰኑ ሳይወጣ ትንሽ ይቀንሳል፤ ጠረጴዛ ላይ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። የሚጋለጠው ሰው ለብሶት ሲጎነበስ ብቻ ነው። በእሳቸው ፋብሪካ ከእያንዳንዱ ጥቅል መጀመሪያና መጨረሻ ቁራጭ ተቆርጦ በተለጠጠበት ሁኔታ በመብራት ላይ ይታይ ነበር። መሃሉን ለምን እንደማይቆርጡ አንድ ሰው ኋላ ላይ ጠይቋቸዋል፤ ጥቅል ከመሃሉ ከተቆረጠ የሚገዛው እንደሌለ መለሱለት።

12ኛ መልስ። መምህርቷ ተመልሳ፣ ይህ ምሳሌ የእሷን ሐሳብ እንጂ የእሳቸውን አይደግፍም አለች። ሴቶቹ ገንዘባቸውን ሊያስመልሱ የመጡት ታይቱን ቀድሞውኑ እንደ ሱሪ ለመልበስ ወስነው ስለነበር ነው፤ በረጅም ሸሚዝ ሥር ቢሆን ኖሮ ማንም ባላጉረመረመ ነበር። በዚህ ላይ የቃሏ ጠንካራነት ረግቦ ነበር፤ ነጥቡም ጥሩ ነጥብ ነው። ሆኖም ውሳኔያቸው የተመሠረተው ከዚያ በፊት የገዙት ታይት ባለማሳየቱ አይደለምን? ይህን ጠይቄአት መልስ አላገኘሁም።

13ኛ መልስ። የቱታ ጃኬት ሰብሳቢ የሆነ ሰው፣ በርእሱ ላይ ተጽፎ ሳለ ሁላችሁም ጃኬቱን ረሳችሁት ሲል ቅሬታ አቀረበ። አዲዳስ በ1967 ለእግር ኳስ ተጫዋቹ ፍራንዝ ቤከንባወር ስም ያወጣው ቱታ ኩባንያው ከጫማ አልፎ የሠራው የመጀመሪያ ልብስ መሆኑን ነገረን። ጃኬቱ ከታይቱ ቀድሞ ወደ መንገድ የወጣበት ምክንያት ለእሱ ግልጽ ነው፦ ሰውነት ላይ አይጣበቅም፣ ኮሌታና ዚፕ አለው፣ ስለዚህ ሰው ያፈረበት ነገር አልነበረም። ጨርቁም ትሪኮት የሚባለው ነው፤ ብዙ ክሮች በቁመት እየተጓዙ ከጎረቤታቸው ጋር ስለሚያያዙ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንደ ሹራብ ወደ ታች አይተረተርም። ውጩ ልሙጥ ሆኖ ያበራል፣ ውስጡ በብሩሽ ስለሚነሣ ይሞቃል። ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ቢያድርም ካውያ አይፈልግም። እንደ እሱ አባባል ተጓዥና ሙዚቀኛ የወደደው በዚህ ነው።

14ኛ መልስ። አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ጃኬቱ ዋና ጉድለት እንዳለው ጨመረች፤ ሽታ ነው። በ2014 የቤልጂየም ተመራማሪዎች ሰዎች ስፖርት ሠርተውባቸው ያደሩ ቲሸርቶችን ሲያነጻጽሩ፣ ፖሊስተሩ ከጥጡ የከፋ ሽታ ነበረው፤ ማይክሮኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም ፖሊስተሩ ላይ በርትተው ተገኙ። ፖሊስተር ውኃ አይወድም፣ ቅባት ግን ይወዳል፤ የላቡ ቅባት ተጣብቆ ሲቀር ባክቴሪያዎቹ ምግብ ያገኛሉ። ስለዚህ የዘወትር ልብስ ነው ብሎ ሳያጥቡ ሦስት ቀን መልበስ አይቻልም አለች። ሰብሳቢው ጃኬቶቹን በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚያጥብ ጽፎ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ያንን መልሱን አስተካክሎታል።

15ኛ እና 16ኛ መልስ። ማለስለሻ ስለመጨመር ሁለት ሰዎች ተከራከሩ። አንዱ ጨርቁን ያለሰልሳል አለ፤ ሌላዋ ማለስለሻው ክሩን በስስ ሽፋን ስለሚለብጠው ላቡ የሚሳብበትን መንገድ ይደፍናል፣ ሽታውንም ያስቀራል አለች። ትክክለኛዋ ሁለተኛዋ ናት። በረኪናም ኤላስቴንን እንደሚበላው አስታውሳለች፤ የመዋኛ ልብስ ክሎሪን ባለበት ገንዳ ውስጥ ቶሎ የሚላላው በዚሁ ምክንያት ነው።

17ኛ መልስ። በጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ ሰው ገብቶ፣ እስካሁን ያልተነሣ ነገር አነሣ። ታይት ከናይለን ወይስ ከፖሊስተር ይሻላል የሚለውን ጥያቄ በአብዛኛው የሚወስነው የቀለም ቤቱ ሙቀት ነው። ናይለን ውኃ በሚፈላበት ሙቀት አካባቢ ቀለም ይይዛል። ፖሊስተር ግን በግፊት ውስጥ ወደ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ኤላስቴን ደግሞ ይህን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይወደውም፤ የመመለስ ጉልበቱን ያጣል። ከማቅለሚያው ሌላ ስቴንተር በሚባለው ማሽን ጨርቁ በወርዱ ተወጥሮ ወደ 190 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ውስጥ አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ያልፋል፤ ወርዱና ክብደቱ የሚጸናው እዚያ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ጨርቁ ሲቆረጥ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ሲታጠብም ይሰበሰባል፤ ከበዛ ኤላስቴኑ ይደክማል፣ ገዢውም ከጥቂት ወር በኋላ ጉልበቱ የተነፋ ታይት ይዞ ይቀራል።

ሥዕል የታተመባቸው ታይቶች ለምን ሲለጠጡ እንደሚነጡም በዚሁ አስረዳ። ሥዕሉ ከወረቀት ላይ በሙቀት ወደ ነጭ ፖሊስተር ጨርቅ ሲተላለፍ የሚቀባው የላይኛውን ፊት ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ሲከፈት ያልተቀባው የክሩ ጎን ይወጣል። ይህ ጥፋት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው።

18ኛ መልስ። ባለ ጥቁር ታይቷ እህት፣ ከመግዛት በፊት ጉልበቱ ይነፋ አይነፋ የሚታወቅበት መንገድ እንዳለ ጠየቀች። የቀለም ባለሙያው የሚጠቀምበትን ዘዴ ሰጣት። ጨርቁ ላይ በጠመኔ 10 ሴንቲሜትር ርቀት ምልክት ይደረጋል፤ እስከ 15 ተስቦ ለአንድ ደቂቃ ይያዛል፤ ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት ታግሦ ይለካል። ከ10.3 ካላለፈ ደኅና ነው፤ 11 ላይ ከቆመ መተው ነው። መደብር ውስጥ ጠመኔና ማስመሪያ ይዤ ስገባ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም አለች፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

19ኛ መልስ። አንድ ልብስ ሰፊ ስለ ስፌቱ ጥቂት ብቻ ጻፈ፤ ብዙ ቢል በወደድሁ። በእግሮቹ መካከል አራት ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኝ ያ ነጥብ ቆዳ ይፈትጋል፣ ቶሎም ይተረተራል። እዚያ ቦታ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ሲገባ ስፌቶቹ ተበታትነው ጨርቁ ለመራመድ ቦታ ያገኛል። ጠርዙ ተደራርቦ ጠፍጣፋ የሚሰፋው ስፌት ባይኖር ኖሮ ታይት ለብሶ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ የሚችል ሰው አይኖርም ብሎ ደመደመ።

20ኛ መልስ። ስለ ጫማ ያወራነው ጥቂት ነው። ለዓመታት በካርቶን ያስቀመጠውን የሩጫ ጫማ አውጥቶ ሲያደርግ ሶሉ ከእግሩ ሥር እንደ ደረቅ ዳቦ የተፈረፈረበት ሰው ጉዳዩን አቀረበ፤ የተሸጠልኝ ሐሰተኛ ነው ብሎም አምኗል።

21ኛ መልስ። ይህን የመለሰለት የቀለም ባለሙያው ነው። ሐሰተኛ ላይሆን እንደሚችል፣ መካከለኛው ሶል ከፖሊዩረቴን ከሆነ የአየሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ሰንሰለቱን እየበጠሰ እንደሚያፈራርሰው ነገረው። ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ ይየው፤ ከተጣበቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጉድጓዱ ካልተመለሰ ጫማው አልቆለታል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሩጫ ጫማ የተስፋፋው ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ ግን በእርጥበት አይፈርስም፤ ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው፣ እየተረገጠ ይጠጠራል። ቀላልነቱ ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ጫማውን ሳያወልቅ እንዲውል አስቻለው። ላዩም ከቆዳና ከወፍራም ሸራ ወደ ናይለን መረብ፣ ከዚያም በ2012 ናይኪና አዲዳስ እንዳወጡት ወጥ ሹራብ ተሻገረ፤ በዚህ ጊዜ ጫማውም እንደ ታይቱ በሹራብ ማሽን የሚሠራ ሆነ።

22ኛ መልስ። ጫማ እየተደረገ ቢሄድ ከመፈርፈር ይድናል የሚል ሰው መጣ፤ ሲረገጥ እርጥበቱ ይወጣል የሚል ምክንያት ሰጠ። ሌላ ሰው ደግሞ በየቀኑ የተደረገ ጫማው እንዲሁ እንደፈረሰ በመናገር ተቃወመው። ይህ አልተቋጨም።

23ኛ መልስ። መምህርቷ እንደገና ጻፈች፤ አሁን ለስለስ ብላ ነበር። በ1982 የወጣውን የሪቦክ ፍሪስታይል ጫማ አነሣች። ለሴቶች ኤሮቢክስ የተሠራ ሆኖ ሳለ ቆዳው እንደ ጓንት የለሰለሰ ስለነበር ብዙዎች ከልምምድ ውጭ ያደርጉት ጀመር። በዚህ ጫማ ላይ የተሠራበት ነገርና የሴቶቹ ምርጫ የትኛው እንደቀደመ መለየት እንደሚከብዳት አመነች። ቴክኒሻኑም በዚህ እንደሚስማሙ፣ ነገር ግን ስለ ታይት ያሉትን እንደማይለውጡ ጻፉ።

24ኛ መልስ። እስካሁን የመጨረሻው ይህ ነው። ያረጁ ታይቶችን ሰብስቦ መልሶ ክር ለማድረግ የሚሞክር ሰው ጥያቄ ትቷል። ፖሊስተር ብቻ የሆነው የቱታ ጃኬት ቀልጦ እንደገና ሊፈተል ይችላል፤ ታይት ግን ናይለኑና ኤላስቴኑ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አብረው ስለተሠሩ በእጅም በማሽንም አይነጣጠሉም፤ አንድ ላይ ሲቀልጡም ኤላስቴኑ ክሩን ያበላሸዋል። በፋብሪካ ደረጃ በኬሚካል ነጥሎ ያየ ሰው ካለ እንዲነግረው ይፈልጋል። የቀለም ባለሙያው ኤላስቴኑን የሚያሟሟ ፈሳሽ እንዳለ፣ ናይለኑ ግን ከዚያ በኋላ ቀለሙን እንደያዘ ስለሚቀር ከጥቁር በቀር ሌላ ነገር ሊሠራበት እንደማይቻል በግል መልእክት ጽፎልኛል፤ እዚህም እንዲለጥፈው ጠይቄዋለሁ።